ዘጠኝ ዓመት የቆየ ደንበኛ፦ የገለልተኛነት ስጋትን ደረጃ በደረጃ መመርመር

ይህ መመሪያ ለትናንሽ የኦዲት ቢሮዎች ነው። አንድ ፓርትነር፣ አንድ ማኔጀርና ጥቂት ሠራተኞች ላሏቸው። ትልልቆቹ ገለልተኛነትን ብቻ የሚከታተል ሰው አላቸው። ትንሽ ቢሮ ውስጥ ግን ደንበኛውን የሚያመጣው፣ ሒሳቡን የሚያዘጋጀውና ኦዲቱን የሚፈርመው አንዳንዴ ያው አንድ ሰው ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አዲስ አበባ ዳር ያለ የዱቄት ፋብሪካ ነው እንበል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ ባለአክሲዮኖቹ ወንድማማቾችና እህትማማቾች ናቸው። ከባንክ 40 ሚሊዮን ብር ተበድሯል፤ ባንኩም በየዓመቱ ኦዲት የተደረገ ሒሳብ ይጠይቃል። ቢሮው ፋብሪካውን ኦዲት ሲያደርግ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ፓርትነሩ ያው ነው። ማኔጀሩ ስድስት ዓመቱ ነው። የፋብሪካው የፋይናንስ ኃላፊ ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ቢሮ ሲኒየር ኦዲተር ነበረች። የሒሳብ መግለጫውንም በየዓመቱ የሚያዘጋጅላቸው ቢሮው ነው።

ፋብሪካው የፈጠራ ነው። ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ግን የሚያውቀው ፋብሪካ ይመስለዋል።

መቼ ይሠራ?

ግንቦት ወይም ሰኔ መጀመሪያ ላይ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ጥቅምት 30 ሳያልፍ ማሳወቅ አለበት። ከነሐሴ በኋላ ስለ ገለልተኛነት ማሰብ ከባድ ነው። ሠራተኛው ተመድቧል፣ ቅድመ ክፍያ ተከፍሏል፣ ደንበኛው በቀን ሁለቴ ይደውላል። በዚያ ሰዓት የተሞላ ቅጽ የሚናገረው አስቀድሞ የተወሰነውን ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ደንበኛው የሕዝብ ጥቅም ያለበት ድርጅት ነው ወይስ አይደለም?

በኢትዮጵያ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ይህን ልዩነት አስቀምጧል። ባንክ፣ ኢንሹራንስና የመንግሥት የልማት ድርጅት የመሰሉት የሕዝብ ጥቅም ካለባቸው ወገን ናቸው። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ደንብም (ከዚህ በኋላ «ደንቡ» እላለሁ) ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያያቸው። የሕዝብ ጥቅም ላለበት ደንበኛ ብዙው ነገር ቁርጥ ያለ ክልከላ ነው። ለሌላው ደግሞ «መዝን፣ ቀንስ፣ ካልቻልክ ተው» ነው።

የዱቄት ፋብሪካችን ከሁለተኛው ወገን ነው። ይህ ያቀላል፤ ግን ነጻ አያወጣም። ቁጥር አስቀምጦ የሚከለክል ደንብ ስለሌለ ሚዛኑን የምትይዙት እናንተ ናችሁ። ከነገሩ ውጭ ያለ፣ አዋቂና ሚዛናዊ የሆነ ሦስተኛ ሰው ሁኔታውን ቢያይ ምን ይል ነበር? ደንቡ የሚጠይቀው ይህን ነው። እዚህ ያ ሦስተኛ ሰው ቅርብ ነው፦ የባንኩ የብድር ኃላፊ።

ደረጃ 2፦ የሠራችሁትን ሁሉ ከደረሰኝ ላይ ዘርዝሩ

ከትዝታ አትነሱ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት የክፍያ ደረሰኞችና የሰዓት መመዝገቢያ አውጡ። በነጻ የተሠራውንም ጨምሩ፤ የሚረሳው እሱ ነውና። «እስቲ ይህቺን እዩልኝ» ተብሎ በቴሌግራም የተላከ የኤክሴል ፋይል ደረሰኝ የለውም፤ ግን ሥራ ነው።

ለፋብሪካችን የሚወጣው ዝርዝር ይህን ይመስላል፦

- የቋሚ ንብረት እርጅና ሠንጠረዥ ማስላት
- ከትሪያል ባላንስ ተነስቶ የሒሳብ መግለጫና ማብራሪያ ማዘጋጀት
- ለአጠራጣሪ ተሰብሳቢ ሒሳብ መጠባበቂያ ማስላት
- የስንዴውን ወጪ በዱቄትና በፉሩሽካ መካከል ማከፋፈል

ከአራቱ ሦስተኛውና አራተኛው ማንም ያዘዛቸው አይደሉም። ከዓመታት በፊት አንድ ጁኒየር ደንበኛውን ለመርዳት ጀመራቸው፤ እንደዚያው ቀጠሉ።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱ ቁጥር ላይ «ማን ወሰነ?» ብላችሁ ጠይቁ

የራስን ሥራ መልሶ የመመርመር ስጋት እዚህ ይለያል። የፈራነው ኦዲተሩ ይዋሻል ብለን አይደለም። ትናንት ራሱ ያሰላውን ቁጥር ዛሬ ሲያይ ትክክል ይመስለዋል። ያሰበበትን መንገድ ስለሚያውቀው አይጠይቀውም። ስለዚህ «ማን ጻፈው?» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ የፍርድ ውሳኔው የማን ነበር?

እርጅናውን እንየው። የወፍጮው ማሽን ስንት ዓመት ያገለግላል፣ መጨረሻ ላይ በስንት ይሸጣል የሚለውን ፋብሪካው ከወሰነ የቀረው ማካፈልና መቀነስ ነው። ይህ ደንቡ ተራ ወይም ሜካኒካል ከሚለው ሥራ ይመደባል፤ ለእንዲህ ያለ ደንበኛ ስጋቱን እስከቀነሱ ድረስ ይፈቀዳል። «20 ዓመት ይሁን» ያለው የእናንተው ሠራተኛ ከሆነ ግን ነገሩ ይቀየራል።

የሒሳብ መግለጫ ማዘጋጀትም እንዲሁ ነው። ደንበኛው ያጸደቀው ትሪያል ባላንስ ካለ ቁጥሮቹን በቅርጹ ማስቀመጥ ተራ ሥራ ነው። ግን ማጽደቅ ማለት ምንድን ነው? የፋይናንስ ኃላፊዋ የመጨረሻው ገጽ ላይ መፈረሟ ብቻ አይደለም። ለምን ይህ ሒሳብ እዚህ ተመደበ ብትጠየቅ መመለስ መቻል አለባት። ደንበኛው ሥራውን የሚረዳና ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ከሌለው፣ ሥራው የቱንም ያህል ቀላል ቢሆን ኦዲተሩ የማኔጅመንቱን ቦታ ይዟል ማለት ነው። ያ ደግሞ በየትኛውም ደንበኛ ላይ ክልክል ነው።

አሁን መጠባበቂያው። አንድ ትልቅ ዳቦ ቤት 6 ሚሊዮን ብር ዕዳ አለበት፤ ሳይከፍል 11 ወር አልፎታል። ቢሮው አምና 10 በመቶ ማለትም 600 ሺህ ብር መጠባበቂያ ይዞላቸዋል። ለምን 10? ፋይሉ ውስጥ መልስ የለም። ግማሹ አይሰበሰብም ቢባል መጠባበቂያው 3 ሚሊዮን ይሆን ነበር፤ ትርፉ በ2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ይቀንሳል። ባንኩ የብድር ውሉን የሚያይበት ቁጥርም አብሮ ይወርዳል። ይህ የፍርድ ውሳኔ እንጂ ስሌት አይደለም፤ የወሰነውም ኦዲተሩ ነው። የፉሩሽካው ነገርም ያው ነው። ከወጪው ምን ያህሉ በፉሩሽካ ላይ ይጫን የሚለው፣ መጋዘን የቀረው ዱቄት በስንት እንደሚያዝ ይወስናል።

ስለዚህ ዝርዝሩ ለሁለት ተከፈለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በመከላከያ ሊቀጥሉ ይችላሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይቆማሉ። ለእነሱ መከላከያ አትፈልጉ።

ፋብሪካው ባንክ ቢሆን ኖሮ አራቱም ይቆሙ ነበር። ከታኅሣሥ 15 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚከፈቱ የሒሳብ ዘመናት ላይ በሚሠራው የደንቡ ማሻሻያ፣ የሕዝብ ጥቅም ላለበት የኦዲት ደንበኛ የራስን ሥራ መልሶ የመመርመር ስጋት ሊፈጥር የሚችል ማንኛውም አገልግሎት ክልክል ነው። መጠኑ ትንሽ ነው ማለትም አያድንም።

ደረጃ 4፦ ዓመታቱን በሰው በሰው ቁጠሩ

ቢሮው ስንት ዓመት ሠራ ብሎ መቁጠር ብቻውን አያሳይም። ስም ጻፉ፤ ከስሙ አጠገብ ዓመቱንና የነበረበትን ቦታ። ጁኒየር ሆኖ ያሳለፈውንም ጭምር። ፓርትነሩ ዘጠኝ፣ ማኔጀሩ ስድስት፤ የፋይናንስ ኃላፊዋ ደግሞ ከመሄዷ በፊት ሦስት ዓመት እዚሁ ፋይል ላይ ሠርታለች።

የሕዝብ ጥቅም ላለበት ደንበኛ ቁጥሩ የታወቀ ነው። ዋናው ፓርትነር፣ የጥራት ገምጋሚውና ሌሎች ቁልፍ ፓርትነሮች ተደምሮ ከሰባት ዓመት በላይ መቆየት አይችሉም። ከዚያ ዋናው ፓርትነር አምስት ተከታታይ ዓመት ይርቃል፤ የጥራት ገምጋሚው ሦስት፣ ሌሎቹ ሁለት። እዚህ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ቆጠራው ድምር ነው። አንድ ዋና ፓርትነር አራት ዓመት ሠርቶ ሦስት ዓመት ቢያርፍ ሲመለስ ከዜሮ አይጀምርም፤ የቀረው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። በእረፍቱ ጊዜም ከደንበኛው ጋር ያለውን ግንኙነት መምራት ወይም ቡድኑን በቴክኒክ ጉዳይ ማማከር አይፈቀድለትም። «ፓርትነሩ ተቀይሯል፣ ግን ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው» የሚባለው አሠራር እረፍት አይደለም።

ለፋብሪካችን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። ግን ዘጠኝ ዓመት ዘጠኝ ዓመት ነው። የደንበኛው ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ ተቀያይረው ቢሆን የመላመድ ስጋቱ ይቀል ነበር። እዚህ ሁለቱም ወገን አልተቀየረም፤ ቤተሰቡም ያው፣ ፓርትነሩም ያው። ሠርግ ላይ ተጠርቷል፣ ለቅሶ ላይ ተገኝቷል። ሠርግ መሄድ ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም፤ በእኛ አገር አለመሄዱ ነው የሚያስወቅሰው። ግን ተጽፎ ይቀመጥ።

የፋይናንስ ኃላፊዋ የራሷ መዝገብ ያስፈልጋታል። መጀመሪያ ከቢሮው ያልተከፈላት ገንዘብ ወይም የቀራት ጥቅም አለ ወይ ብላችሁ አጣሩ። ካለ ተዘግቶ ማለቅ አለበት። ቀጥሎ የምታውቀውን ጻፉ። የናሙና አመራረጣችሁን ታውቃለች። ከስንት ብር በታች ያለውን እንደማታዩ ታውቃለች። ማንም በክፋት ባያስብ እንኳ የኦዲቱን ካርታ ይዛ ነው የተቀመጠችው።

ደረጃ 5፦ የአምናውን ፋይል እንደ ባዕድ አንብቡት

ስጋቱ በወረቀት ላይ አለ ወይስ እውነት ሥራውን ነክቶታል? ይህን ለማወቅ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ፋይሎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። የሚታዩ ምልክቶች አሉ።

የመጀመሪያው፣ የምርመራው ማስረጃ ራሱ የቢሮው ወረቀት መሆኑ ነው። «ከእርጅና ሠንጠረዥ ጋር ተመሳክሯል» ይላል። ሠንጠረዡን የሠራው ማነው? እኛው። ቁጥሩ ከራሱ ጋር ተመሳከረ ማለት ነው። የራስን ሥራ መልሶ የመመርመር ስጋት እውን ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚመስለው ይህንን ነው። ወረቀቱ ንጹህ፣ ምልክቶቹ የተሟሉ፣ የውጭ ማስረጃው ግን ባዶ።

ሁለተኛው የመላመድ ምልክት ነው። ዓመቱ ብቻ ተቀይሮ የተቀዳ ገጽ፣ ደብዳቤ ሊጠየቅበት ሲገባ «በስልክ ተብራርቷል» የሚል ማስታወሻ፣ በየዓመቱ ማረጋገጫ የሚላክላቸው እነዚያው ደንበኞች። ከሁሉም በላይ ግን የማስተካከያ ሐሳቦችን ተከተሉ። ጁኒየሩ ያቀረበው ማስተካከያ የት ላይ ይቀራል? ሦስት ዓመት ሙሉ ማኔጀሩ ጋ ደርሶ «አነስተኛ ነው» እየተባለ ከቀረ ያ አጋጣሚ አይደለም። ለዳቦ ቤቱ ዕዳ ጁኒየሩ ምን ብሎ ነበር? የተሰረዘው ማስታወሻ ውስጥ ፈልጉት።

ይህን ንባብ ፓርትነሩ ራሱ ባይሠራው ይሻላል። ቢቻል ፋይሉን ነክቶ የማያውቅ ሰው ያድርገው።

ደረጃ 6፦ ለእያንዳንዱ ስጋት የሚነካውን መከላከያ ምረጡ

ብዙ ቢሮዎች እዚህ ሲደርሱ ሁሉም ሠራተኛ የሚፈርመውን የገለልተኛነት መግለጫ ያወጣሉ። መግለጫው ይሞላ፣ ችግር የለውም። ግን መከላከያ አይደለም። የ2018ቱ ደንብ (በፈረንጆች) ይህን አጥብቆታል፦ መከላከያ ማለት ስጋቱን በእርግጥ ወደ ተቀባይነት ያለው ደረጃ የሚያወርድ የተለየ እርምጃ ነው። ሥልጠና፣ የቢሮ ፖሊሲና የሙያ ፈቃድ ጥሩ መሠረት ናቸው፤ የዘጠኝ ዓመቱን መላመድ ግን አይነኩም።

ለሒሳብ ዝግጅቱ የሚሠራው መከላከያ ሰው መለየት ነው። የሚያዘጋጁት ሁለት ሰዎች ኦዲቱ ላይ አይገቡም፤ ለኦዲቱ ማኔጀርም ስለዚህ ሥራ ሪፖርት አያደርጉም። ቢሮው ስድስት ሰው ብቻ ካለውና ይህ የማይቻል ከሆነ፣ በዝግጅቱም በኦዲቱም ያልነበረ ብቁ ገምጋሚ ሥራውን ያያል። እሱም ከሌለ ዝግጅቱን ለሌላ የሒሳብ ባለሙያ አሳልፉ። የሚቀረውን ገቢ አስልታችሁ ከኦዲቱ ክፍያ ጋር አወዳድሩት፤ ብዙ ጊዜ የምትፈሩትን ያህል አይሆንም።

ለማኔጀሩ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወደ ሌላ ደንበኛ ይዛወር። ቢያንስ ሁለት የኦዲት ዘመን ይቆይ ብዬ እመክራለሁ። ቁጥሩ የእኔ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ደንበኛ ርዝመቱን የሚወስነው ቢሮው ነው። ለፋይናንስ ኃላፊዋ ደግሞ ዕቅዱን ቀይሩ። የናሙና አመራረጡ ይለወጥ፣ ቆጠራው በማትጠብቀው ቀን ይሁን፣ ፊት ለፊት የምትቀመጠው ደግሞ የቀድሞ የበታቿ ሳይሆን በልምድ የማታንስ ሰው ትሁን።

ከባዱ ፓርትነሩ ነው። አንድ ፓርትነር ብቻ ያለው ቢሮ ማንን በማን ይቀይራል? እዚህ ያለው መንገድ የውጭ ገምጋሚ ነው፤ ከሌላ ቢሮ የሚመጣ ፈቃድ ያለው ኦዲተር። ሲሠራበት ግን አራት ነገር ይሟላ። ግምገማው ሪፖርቱ ከመፈረሙ በፊት ይሁን። ገምጋሚው ፋይሉን በሙሉ ሳይሆን የፍርድ ውሳኔ ያለባቸውን ቦታዎች በጥልቀት ይይ፤ ለእኛ ምሳሌ የዳቦ ቤቱን ዕዳ፣ የፉሩሽካውን ወጪና በሰኔ መጨረሻ የተመዘገበውን ሽያጭ። «አልስማማም» ካለ ሪፖርቱ እንደማይወጣ በጽሑፍ ይታወቅ። ምስጢር ስለሚገለጥ የደንበኛው ፈቃድ ይያዝ፤ ክፍያው ግን ከቢሮው ኪስ ይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሁለት ትናንሽ ቢሮዎች እርስ በርስ «አንተ የኔን ገምግም፣ እኔ ያንተን» ሲባባሉ ይታያል። ዓመት ሳይሞላው ይተዛዘናሉ። መላመድን ለመቀነስ አዲስ መላመድ መፍጠር ነው። ሦስተኛ ቢሮ ጨምሩና ዙሩን በአንድ አቅጣጫ አድርጉት፤ የሚገመግማችሁ እናንተ የምትገመግሙት እንዳይሆን።

ደረጃ 7፦ ለባለቤቱ ንገሩት፣ ከዚያ ጻፉት

ንግግሩ ነው ብዙውን ሰው የሚያስፈራው። ረጅም መሆን የለበትም።

«ጋሼ፣ ከዘንድሮ ጀምሮ የዳቦ ቤቱን መጠባበቂያ እኛ አንወስንም። እናንተ ወስናችሁ ምክንያቱን ጽፋችሁ ትሰጡናላችሁ።»

«እንዴ! ዘጠኝ ዓመት ስትሠሩት ኖራችሁ አሁን ምን መጣ?»

«የወሰንነውን ራሳችን መርምረን ትክክል ነው ስንል ባንኩ ለምን ያምነናል? ዳቦ ቤቱ ባይከፍል መጀመሪያ የሚጠየቀው ያ ቁጥር ነው።»

ባለቤቱ ባንክ ሲባል ይገባዋል። ስለ ደንብ አንቀጽ አትንገሩት። የፋይናንስ ኃላፊዋ መጠባበቂያውን ራሷ ስታሰላ እርዳታ ከጠየቀች፣ የሒሳብ አያያዝ ደረጃው ምን እንደሚል ማስረዳት ትችላላችሁ። ቁጥሩን መስጠት ግን አትችሉም። በኦዲቱ መሐል ስህተት አግኝታችሁ ማስተካከያ ማቅረብም የኦዲቱ አካል ነው፤ ተቀብሎ የሚመዘግበው ደንበኛው እስከሆነ ድረስ።

ማስታወሻው አንድ ገጽ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ስጋት አራት ነገር፦ ምን አገኘን፣ ለምን ከፍተኛ ወይም ዝቅተኛ አልነው፣ ምን አደረግን፣ ከዚያ በኋላ ምን ቀረ። የመጨረሻዋን ብዙዎች ይዘሏታል። ለፋብሪካችን ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦ «ፓርትነሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ የባለቤትነትም የአስተዳደርም ለውጥ የለም፤ ከፍተኛ። የውጭ ገምጋሚ ሦስቱን የፍርድ ቦታዎች ከፊርማ በፊት ያያል፤ ማኔጀሩ ተቀይሯል። የሚቀረው ስጋት ለዘንድሮ ተቀባይነት አለው፤ በሚቀጥለው ግንቦት እንደገና ይታያል።» ቀን፣ ፊርማ።

መከላከያ የማይሠራበት ጊዜ

የፋይናንስ ኃላፊዋ መጠባበቂያውን ለመወሰን ፈቃደኛ ካልሆነች ወይም ካልቻለች፣ ባለቤቱም ሌላ ሰው ካልመደበ፣ ሁለቱን ሥራ አብሮ መያዝ አይቻልም። ወይ ሒሳቡን ሥሩላቸው፣ ወይ ኦዲት አድርጉላቸው። የውጭ ገምጋሚው ያነሳው ጥያቄ ሁለት ዓመት በተከታታይ «ደንበኛው አይወድም» ተብሎ ከታለፈም ፓርትነሩ ከዚያ ፋይል መውጣት አለበት። አንድ ፓርትነር ብቻ ላለው ቢሮ ይህ ማለት ደንበኛውን መልቀቅ ነው።

መልቀቅ ካለባችሁ ሐምሌ ሳይገባ ልቀቁ። አዲሱ ኦዲተር የሰኔ 30ውን የመጋዘን ቆጠራ ቆሞ ማየት ይፈልጋል። ያ ካመለጠው የመጀመሪያ ዓመት ሪፖርቱ ላይ አስተያየቱን ሊገድብ ይችላል፤ ባንኩም ደብዳቤ ይጽፋል። የአምናውን ፋይል ለማየት ሲጠይቃችሁ የደንበኛውን ፈቃድ አስጽፋችሁ አሳዩት። የዳቦ ቤቱን ገጽ ሳትደብቁ።